«ነበሩ»

ሰኔ 2018 ዓ.ም፣ እሑድ ማታ

ዝናቡ ከምሳ በኋላ የጀመረ እስካሁን አላባራም። መብራት ሄዷል። ሻማ ለኩሼ ሳሎን ቁጭ ብያለሁ። ትናንት ደስ ብሎኝ ነበር ቤት የገባሁት። ዛሬ ግን ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ምን እንደሆነ እየጻፍኩ ባገኘው ብዬ ነው።

ትናንት የቲቸር ሽኝት ነበር። 4ኛ ክፍል ያስተማሩኝ ቲቸር ናቸው። 60 ዓመት ሞልቷቸው ጡረታ ወጡ። ከቀድሞ ተማሪዎች አንድ ሰው ንግግር ያድርግ ተባለና ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ። የደወለችልኝ መምህርት «ሦስት ደቂቃ ብቻ፣ ወንድሜ። ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ» አለችኝ። እንዲረዳኝም አንድ ወረቀት በስልክ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። በ1958 ዓ.ም ተወለዱ። በቲ.ቲ.አይ ሠልጥነው በ1980 ዓ.ም ማስተማር ጀመሩ። ታታሪ፣ ትሁት፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ።

እሱን ተከትዬ ጻፍኩ። አራት ገጽ ሞላ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነበው ስልኬ ዘጠኝ ደቂቃ ቆጠረ። የመጀመሪያው ደቂቃ «የተከበሩ» እያልኩ እንግዶቹን በየማዕረጋቸው ስጠራ አለቀ። እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ትሰማኛለች። ስጨርስ ቢላዋውን አስቀመጠችና «ማን ሞተ?» አለችኝ።

ስትቀልድ መስሎኝ ነበር። አልቀለደችም። የምር ደንግጣለች።

ወረቀቱን ደግሜ ሳየው እውነቷን ነው። ለቅሶ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ነው የጻፍኩት። መቼ ተወለዱ፣ የት ተማሩ፣ ምን ሠሩ፣ ከዚያ የጸባይ ዝርዝር። «ሰው አክባሪ» የሚለውን ቃል መቃብር አጠገብ ቆመን ስንት ጊዜ ሰምተነዋል? የቀረው «ባደረባቸው ሕመም» የሚለው ብቻ ነበር።

ግን ዋናው ገዳይ ቅጽሎቹ አይደሉም። «ነበሩ» ናት። እስክርቢቶ ይዤ ቆጠርኳት። በአራቱ ገጽ ውስጥ 31 ጊዜ አለች።

እሷን ለማውጣት ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። መጀመሪያ ሁሉንም ልሰርዝ አልኩ፤ አይሆንም። «ያን ቀን ዝናብ ነበር» ብል ማንም አይሞትም። የሆነ ነገር በሆነ ቀን ሆኗል፣ አልፏል። «ቲቸር ታጋሽ ነበሩ» ስል ግን ሰውዬዋን ከነትዕግሥታቸው ቀበርኳቸው። ስለዚህ ለድርጊትና ለቦታ ተውኳት፤ ከጸባይ ላይ ግን ነቅዬ ጣልኳት። «ያስተምሩን ነበር» ያልኩትን «አስተምረውናል» አደረግኩት። ልዩነቱን ጮክ ብላችሁ ሞክሩት። «ያስተምሩን ነበር» በሩን ይዘጋዋል። «አስተምረውናል» ሲሆን ትምህርቱ አሁንም እኛ ላይ አለ። ከ31ዱ 5 ቀሩ።

ሁለተኛውን ችግር ያገኘሁት ደግሞ መስታወት ፊት ቆሜ ስለማመድ ነው። ቲቸርን አንቱ ነው የምንላቸው። «አስተምረዋል» ስል ለእርስዎም ለእሳቸውም ያው አንድ ቃል ነው። ለቲቸር እየነገርኳቸው ይሁን ስለ ቲቸር ለእንግዶቹ እያወራሁ አይለይም። አንቺ የምትባል ሰው ብትሆን «አስተምረሻል» ብዬ እገላገል ነበር። በአንቱ ግን ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ስለ እሱ የሚወራበት ይመስላል። ሌላ መላ ስላጣሁ እያንዳንዱን አንቀጽ «ቲቸር፣» ብዬ እንድጀምር አደረግኩ። «ቲቸር፣» ካልኩ በኋላ ቀና ብዬ እንዳያቸው ወረቀቱ ላይ ክፍት ቦታ ተውኩ። ጽሑፉንም በትልልቅ ፊደል በእጄ ገለበጥኩት፤ እጄ እንደሚንቀጠቀጥ አውቃለሁ።

ከዚያ ምን ልበል? ጸባዩን ሁሉ አውጥቼው ባዶ ወረቀት ቀረ። አንድ ነገር ብቻ መያዝ ነበረብኝ። እማዬ አልጋ ሥር ያለውን ሳጥን ከፍታ የድሮ ካርዶቼን አወጣችልኝ። ንግግሩ የወጣው ከዚያ ነው። እንዲህ ብዬ አነበብኩ፦

«ቲቸር፣ 4ኛ ክፍል ሳለሁ ቤታችን ከወንዙ ማዶ ነበር። ድልድይ አልነበረም። ዝናብ ያደረ ቀን ውሃው እስኪጎድል ቆመን እንጠብቃለን። ዋልካው ጫማችን ላይ እየተለጠፈ እግራችን ይከብዳል። ስንደርስ የግቢው በር ተዘግቷል። ዩኒት ሊደሩ አንበርክኮን፣ ግቢ አስጠርጎን፣ ስንገባ አንደኛው ክፍለ ጊዜ ተጋምሷል።

«ቲቸር፣ እርስዎ ግን ስም አልጠሩም። የቃል ሒሳብ እየጠየቁ ነው። ስም መጥሪያው ጠረጴዛው ላይ እንደተዘጋ ነው። እኛ የወንዝ ማዶ ልጆች ጫማችንን በእንጨት ፍቀን ስንቀመጥ ያኔ ይከፍቱታል። ልጅ ስለነበርኩ ሁሉም ክፍል እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

«ቲቸር፣ ካርዴን ይዤ መጥቻለሁ። የ4ኛ ክፍሉ ላይ የቀረበት ቀን 2 ይላል። የ5ኛ ክፍሉ ላይ 17 ይላል። መንገዱ ያው ነው። ወንዙም ያው ነው። ጠዋት ስም የጠራው ሰው ነው የተለየው።

«ቲቸር፣ ስሜን ጠብቀው ስለጠሩኝ አመሰግናለሁ።»

ይኸው ነው። 4ኛ ክፍል ላይ ሁሉንም ትምህርት የሚያስተምሩን እሳቸው ስለነበሩ ስም የሚጠሩበትን ሰዓት መምረጥ ይችሉ ነበር። 5ኛ ላይ በየትምህርቱ መምህር ተለየ፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ መምህር እንደገባ ይጠራል፣ የሌለ «ቀሪ» ይባላል። በዚያ ዓመት ከወንዝ ማዶ ልጆች ሁለቱ ከነጭራሹ ቀሩ። ይህን ንግግሩ ውስጥ አስገብቼው ነበር፤ የሽኝት ቀን ላይ ከበደኝና አወጣሁት። እንዲያም ሆኖ ማስቀረቴ አሁንም ይቆጨኛል። ቲቸር ያደረጉት ነገር ክብደቱ የሚታየው በእነሱ ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ ማይኩ ሁለት ጊዜ ጮኸብኝ። ከኋላ ሳህን ይንኳኳል። «የቀረበት ቀን 17» ስል ግን ዝም አለ። ከዚያች ዝምታ ነው እንደገባቸው ያወቅኩት። ቲቸር ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሱ። ወርጄ ጉልበታቸውን ልስም ስል ከለከሉኝና ጆሮዬ ሥር «እኔ'ኮ ማንም ልብ ያለው አይመስለኝም ነበር» አሉኝ። ቀጥለውም «በዚያ ስም መጥሪያ ስንቴ ተቆጥተውኛል መሰለህ» አሉ። ጋቢው ተለበሰላቸው፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ሽማግሌዎቹ መረቁ።

እስከዚህ ድረስ ደስታ ነበር።

ምሳ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሰው እየመጣ ይሰናበታቸዋል። አንዱ ወጣት መምህር በፍቅር ትከሻቸውን ይዞ ወደ እኔ ዞረና «ጎበዝ አስተማሪ ነበሩ እኮ!» አለኝ። ቲቸር ጉርሻቸውን ይዘው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ፈገግ ብለው ጎረሱ። ልጁ ክፉ አላሰበም። ሁለት ሌሊት ስታገላት ያደርኩት ቃል ግን እዚያው ማዕዱ ላይ፣ አጠገባቸው ተቀመጠች።

ሆዴን ባር ባር ያለው ይሄ መስሎኝ ነበር። አሁን ስጽፈው ግን ሌላ ነገር መሆኑ ገባኝ።

አባዬ ነው።

አባዬ ጡረታ ከወጣ 9 ዓመቱ ነው። ከፋብሪካው ሲወጣ ንግግር ያደረገ ሰው መኖሩን አላውቅም፤ ጠይቄውም አላውቅም። ዕድሜውን ሙሉ ቶርኖ ላይ ነው የቆመው። ብረት በጣቱ ዳብሶ ስንት ሚሊ እንደቀረው ይናገራል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ቤታችን ውስጥ ምን እንደምንል ታውቃላችሁ? «አባዬ ፋብሪካ ይሠራ ነበር።» «እሳቸው እኮ የታወቁ ባለሙያ ነበሩ።» እሱ እዚያው ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ነው። እማዬም ትለዋለች። እኔም ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። እሱ ሪሞቱን ይዞ ድምፁን ትንሽ ከፍ ያደርጋል። ጆሮው እየደከመ ነው ብለን ባለፈው ወር ሐኪም ጋ ወሰድነው። ሐኪሙ ጆሮው ደህና ነው አለን።

ለቲቸር 26 «ነበሩ» ለቅሜ ስጥል፣ እዚሁ ግድግዳ ወዲያ የተኛው ሰው አንዴም ትዝ አላለኝም።

የመሣሪያ ሳጥኑ አልጋው ሥር አለ። ካርዶቼ የነበሩበት ሳጥን አጠገብ ነው። ትናንት ማታ ካርዶቹን ስመልስ እግሬ መታው። ክዳኑ ላይ አቧራ የለም። ካሊፐሩ ዘይት ተቀብቶ በጨርቅ ተጠቅልሏል። የሚያጸዳው መቼ እንደሆነ ማናችንም አይተን አናውቅም።

አሁን ሲስል ይሰማኛል። አልተኛም። ነገ ቁርስ ላይ «አባዬ፣ አንተ እኮ ጎበዝ ባለሙያ ነህ» ልለው አሰብኩ። እሱ አንተ ስለሚባል ቢያንስ ለማን እንደምናገር ይለያል። ግን 9 ዓመት ቶርኖ ያልነካን ሰው «ነህ» ስለው፣ ያዘንኩለት ይመስለው ይሆን? ወይስ ሳጥኑን ይዤ ወጥቼ አንድ የተበላሸ ነገር ፊቱ ላስቀምጥ? የግቢው በር ማጠፊያ ከጥር ጀምሮ እንደወለቀ ነው። እንዲሠራው ማናችንም አልጠየቅነውም፤ ብየዳ ቤት ልንወስደው ነበር ያሰብነው።

ለምን ይሆን ያልጠየቅነው?