ባዶዎቹን ረድፎች ባላጠፋኋቸው ኖሮ

የኮርስ ፕሮጀክቱ ቀላል ይመስል ነበር። አንድ የጊዜ ተከታታይ ዳታ ምረጡ፣ በፓይተን ተንትኑት፣ ከዚያ ትሬንዱን በአንድ ገጽ በቃላት አስረዱ። እኔ የመረጥኩት ሃዋይ ውስጥ ማውና ሎኣ ተራራ ላይ የሚለካውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ነው። እውነቱን ለመናገር የመረጥኩት በስንፍና ነው። ዳታው statsmodels በሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ውስጥ ተዘጋጅቶ ስለተቀመጠ ፋይል ፍለጋ መንከራተት የለም።

ዳታውን መጫንና ግራፉን መሳል የአስር ደቂቃ ሥራ ነው። ልኬቱ ሳምንታዊ ሲሆን ከማርች 1958 እስከ ዲሴምበር 2001 ይዘልቃል (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው)። በጠቅላላው 2284 ረድፍ አለው። ግራፉ እንደ መጋዝ ጥርስ ከፍ ዝቅ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ጥርሶቹ የወቅቱ ሥራ ናቸው። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ዕፅዋት ሲለመልሙ ካርቦኑን ይስባሉ፣ መጠኑም ይወርዳል። ሲረግፉና ሲበሰብሱ መልሶ ይወጣል። ሜይ ላይ ጣሪያው ይደርሳል፣ ሴፕቴምበር መጨረሻ አካባቢ ደግሞ ታች ይገባል።

ትሬንዱን ለማየት ይህን ወቅታዊ መዋዠቅ መለየት ያስፈልጋል። `seasonal_decompose` የሚባለው ትዕዛዝ ዳታውን ለሦስት ይከፍለዋል፦ ትሬንድ፣ ወቅታዊ ክፍልና ቀሪ። እኔ ጉድ የሆንኩት እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ዳታውን እንዳለ ስሰጠው ባዶ ቦታ ያለበትን አልሠራም ብሎ ኤረር ሰጠኝ። ከሳምንቶቹ ውስጥ 59ኙ ልኬት የላቸውም። አስተማሪያችን የበተነው የሥራ መመሪያ ሁለተኛ ነጥቡ ላይ «ባዶ እሴቶችን አስወግዱ» ይላል። አስወገድኩ። እንደገና ኤረር። አሁን ደግሞ የዑደቱን ርዝመት ንገረኝ አለ። ዓመት 52 ሳምንት ነው አልኩና ነገርኩት።

```python
y = df["co2"].dropna()
r = seasonal_decompose(y, period=52)
```

ሠራ! ኤረር የለም፣ አራት ቆንጆ ግራፎች ወጡ። ትሬንዱ ለስላሳ ነው። ደስ ብሎኝ ወደ ጽሑፉ ገባሁ።

ቀሪው ግን አንድ ነገር ነበረው። ቀሪ ማለት ትሬንዱና ወቅቱ ከወጡ በኋላ የሚተርፈው ስለሆነ የተበታተነ፣ ቅርጽ የሌለው መሆን ነበረበት። የእኔው በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ ከፍ ዝቅ የሚል ማዕበል ነበረው፣ በየዓመቱ አንድ ጊዜ። አየሁት። አላየሁትም ማለት አልችልም። እንዲያውም ሙሉ አንቀጽ ጻፍኩበት፦ «ይህ መዋዠቅ የኤልኒኖን ተጽዕኖ ያሳያል።» ኤልኒኖ የካርቦን ዳይኦክሳይዱን ጭማሪ የሚነካ መሆኑን የሆነ ቦታ አንብቤ ነበር። ኤልኒኖ በየዓመቱ እንደማይመጣ ግን ቆም ብዬ አላሰብኩም።

ፕሮጀክቱን ሳቀርብ አስተማሪው ጣቱን ቀሪው ላይ ቀሰረ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ኤልኒኖ ነው።»

«በየዓመቱ?»

ዝም አልኩ። ክፍሉም ዝም አለ።

የሆነው እንዲህ ነው። ባዶ ረድፎቹን ሳጠፋ ከኋላ ያሉት ሁሉ ወደ ፊት ተጠጉ። `seasonal_decompose` ቀኑን አያይም፣ ረድፍ ብቻ ይቆጥራል። በየ52ኛው ረድፍ ላይ ያሉትን ሰብስቦ አማካያቸውን ይወስዳል፣ ያንንም ወቅቱ ነው ይላል። 1964 መጀመሪያ ላይ ለምሳሌ ለመለኪያው የሚሆን ገንዘብ ተቋርጦ ለወራት ልኬት አልነበረም። ያንን ክፍተት ሳጠፋው ከዚያ በፊት ያለው ሜይና ከዚያ በኋላ ያለው ሜይ አንድ ቁጥር ላይ መዋላቸው ቀረ። ጣሪያውን ከወለሉ ጋር አማካይ አደረግኩት ማለት ነው። በዚህ ላይ ዓመት ልክ 52 ሳምንት አይደለም፣ 52.18 ገደማ ነው። ትንሽ ትመስላለች፣ ግን በ44 ዓመት ውስጥ ተጠራቅማ ስምንት ሳምንት ትሆናለች። ስለዚህ አንድም ባዶ ባይኖር እንኳ 52 ማለቴ ስህተት ነበር።

መፍትሔው ሁለት መስመር መሆኑ እስካሁን ያናድደኛል።

```python
m = df["co2"].resample("MS").mean().interpolate()
r = seasonal_decompose(m, period=12)
```

ሳምንቱን ወደ ወር ስትቀይሩት ዓመት ሁልጊዜ 12 ወር ነው፣ የሚንሸራተት ነገር የለም። ባዶ የቀሩትን ጥቂት ወራት ደግሞ ከግራና ቀኝ ባሉት መካከል መሙላት ነው። መመሪያው «አስወግዱ» ቢልም በጊዜ ተከታታይ ላይ አታስወግዱ። ሰንጠረዡ የደንበኞች ዝርዝር ቢሆን አንድ ረድፍ ማጥፋት ብዙም አይጎዳ ይሆናል፣ እዚህ ግን የረድፉ ቦታ ራሱ መረጃ ነው። ይህንን ለአስተማሪው ነግሬዋለሁ። «መመሪያው ለሌሎች ክፍሎችም ስለሚያገለግል ነው» አለኝ። ይሁን።

ስህተቱን በዓይን ብቻ አትፈልጉት። ቀሪውን በወር በወር ሰብስቡና አማካዩን እዩ። ግን ከዳታው ቁራጭ ወስዳችሁ ይሁን፣ በሙሉው ላይ ከሠራችሁት ወሮቹ ተጣፍተው ዜሮ ገደማ ይመጡና ያታልሏችኋል።

```python
e = r.resid[:"1963"]
print(e.groupby(e.index.month).mean())
```

በተስተካከለውም ላይ ትንሽ ማዕበል ይቀራል፣ አትደንግጡ። የወቅቱ ስፋት ራሱ ከዓመት ዓመት በጥቂቱ አድጓል፣ ይህ ትዕዛዝ ደግሞ ወቅቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው ብሎ ነው የሚነሳው። ያ ካስጨነቃችሁ `STL` የሚባለው ወቅቱ ቀስ እያለ እንዲለወጥ ይፈቅዳል።

ወደ ቃላቱ ልመለስ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሬ «መጠኑ በዓመት በ1.3 ፒፒኤም በቋሚነት ይጨምራል» ይል ነበር። ፒፒኤም ማለት ከሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች ውስጥ ስንቱ እንደማለት ነው። ቀጥታ መስመር አስገጥሜ ነው ያገኘሁት፣ መስመሩ ለዳታው ምን ያህል እንደሚገጥም የሚለካው የአር ስኩዌሩም ዋጋ ወደ 1 የተጠጋ ስለነበር ተኩራራሁበት። ሆኖም መስመሩን ከዳታው ላይ ስቀንሰው ሁለቱ ጫፎች ከዜሮ በላይ፣ መሐሉ ከዜሮ በታች ሆነ። ጎድጓዳ ሳህን የመሰለ ቀሪ መስመሩ መታጠፍ እንዳለበት ይናገራል።

የዓመት አማካዮቹን አወጣሁ። 1959 ላይ 316 ገደማ፣ 1969 ላይ 324.6 ገደማ ነው። በዓመት ሲካፈል ከ0.9 አያልፍም። ከ1991 እስከ 2001 ግን ከ356 አካባቢ ወደ 371 ወጥቷል፣ በዓመት 1.5 ገደማ። የእኔ 1.3 የሁለቱም ዘመን ቁጥር አይደለም። «በቋሚነት» የምትለዋን ቃል ያመጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ኮዱ አላለም።

እንዲህ ብዬ ቀየርኩት፦ «ወቅታዊው መዋዠቅ ከወጣ በኋላ መጠኑ በ44ቱም ዓመታት ወደ ላይ ሄዷል፤ የጭማሪው ፍጥነት ግን በ1960ዎቹ በዓመት ከ1 ፒፒኤም በታች የነበረው በ1990ዎቹ 1.5 ገደማ ደርሷል።» አስተማሪው ከሥሯ በእርሳስ አስምሮ «ይሄ ነው» ብሎ ጻፈባት። ማርኩን ግን አልቀየረውም፣ የተቆጠረው የመጀመሪያው ሪፖርት ነው። እሱ ውስጥ የኤልኒኖው አንቀጽ እስካሁን አለ፣ ገጽ 6።