ርዕሱ የቀረበት አንቀጽ

ቢሯችን ለገሃር ነው፤ በመስኮቱ ቁልቁል ሲያዩ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ይታያል። ባለፈው ክረምት ለመሥሪያ ቤታችን የሠራተኞች መመሪያ መፈለጊያ ሠራሁ። ሠራተኛው ጥያቄውን በራሱ አነጋገር ይጽፋል፤ ኮምፒውተሩም ከመመሪያው ውስጥ ለጥያቄው ይበልጥ የቀረበውን አንድ አንቀጽ ያወጣለታል። ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት አንጋፋው ሹፌራችን ከመፈለጊያው ያሳተሙትን ወረቀት ይዘው ገንዘብ ያዧ ፊት ቆሙ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «ሠራተኛው ያልተጠቀመበት የዓመት ፈቃድ ካለው በገንዘብ ተሰልቶ ይከፈለዋል።» 22 ቀን ያልተጠቀሙበት ፈቃድ አላቸው፤ የቤት ኪራይ ደርሶባቸዋል። ገንዘብ ያዧ አልከፍልም አለች።

የሰው ኃይል ኃላፊዋ አስጠሩኝ። «ልጄ፣ ይህ እኮ ከሥራ ለሚሰናበት ሰው የተጻፈ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በዓመት ፈቃድ ፋንታ ገንዘብ መክፈል በመርህ ደረጃ የተከለከለ ነው፤ የሥራ ውል ሲቋረጥ ግን ያልተወሰደው ፈቃድ ይከፈላል። መመሪያችን ሁለቱንም በትክክል ጽፏል። የተሳሳተው የእኔ መፈለጊያ ነው።

በመጀመሪያ የጠረጠርኩት ፊደሉን ነበር። ሹፌራችን ጋሼ በጥያቄያቸው «አመት» ብለው ጽፈዋል፤ መመሪያው «ዓመት» ይላል። አስተካክዬ ብሞክረው ያው አንቀጽ ወጣ። በዚህ ጊዜ አንዱን ብቻ ማየት ትቼ፣ የቀረቡትን አንቀጾች ከነነጥባቸው ደረደርኳቸው።

```
0.884  ...በገንዘብ ተሰልቶ ይከፈለዋል።
0.871  የዓመት ፈቃድ ማመልከቻ...
0.862  የዓመት ፈቃድ ፕሮግራም...
```

ክልከላው ያለው በሦስተኛው አንቀጽ ውስጥ ነው። ነጥቡ ከምን እንደሚመጣ ልናገር። የተጠቀምኩበት ሞዴል `multilingual-e5-base` ይባላል፤ እያንዳንዱን አንቀጽ ወደ 768 ቁጥሮች ረድፍ ማለትም ወደ ቬክተር ይለውጠዋል። ጥያቄውም እንዲሁ ይለወጣል። ከዚያ የሁለቱ ረድፎች አቻ ቁጥሮች እየተባዙ ይደመራሉ፤ ርዝመታቸው አስቀድሞ ወደ አንድ ስለተስተካከለ፣ ውጤቱ ሁለቱ ምን ያህል ወደ አንድ አቅጣጫ እንደሚያመለክቱ ይነግረናል። 0.884 ሲያዩ «በጣም እርግጠኛ ነው» ማለት ያምራል፤ እኔም ብዬ ነበር። በዚህ ሞዴል ግን ነጥቦቹ ከላይ ተጨናንቀው ነው የሚገኙት። ለሙከራ ስለ መኪና ዘይት ቅያሪ የሚያወራውን አንቀጽ ከዚሁ ጥያቄ ጋር ባስተያየው 0.79 አገኘ።

ታዲያ ክልከላው ለምን ወደ ታች ወረደ? መመሪያውን አውጥቼ አየሁት። «ይከፈለዋል» የሚለው አንቀጽ የተጻፈው «የሥራ ውል ሲቋረጥ የሚፈጸሙ ክፍያዎች» በሚል ርዕስ ሥር ነው። የእኔ ፕሮግራም ግን ጽሑፉን በየአንቀጹ ሲቆራርጥ ርዕሱን ለብቻው ትቶታል። ቅድመ ሁኔታው ያለው ርዕሱ ላይ ነበርና፣ የቀረው ዓረፍተ ነገር ለማንም ሠራተኛ የተጻፈ መሰለ፤ አጭር ሆኖ በሙሉ ስለተጠየቀው ነገር ብቻ ያወራል። ክልከላው ደግሞ የፈቃድ አወጣጥን፣ ማራዘምንና ለሁለት ከፍሎ መውሰድን በሚዘረዝር ረጅም አንቀጽ ጅራት ላይ የተለጠፈ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አንቀጹ በሙሉ የሚወከለው በአንድ ቬክተር ስለሆነ፣ የክልከላው ድምፅ በሌላው ጉዳይ ተውጧል።

ርዕሱን ከእያንዳንዱ አንቀጽ ፊት አስገባሁ፤ ረጅሞቹንም ከፋፈልኩ፤ ቬክተሮቹን እንደገና አሰላሁ። የጋሼን ጥያቄ ስጽፍ ክልከላው አንደኛ ወጣ። ደስ ብሎኝ ኃላፊዋን ጠራኋቸው።

ወንበሬ ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን አስተካከሉና በአንድ ጣት እየለቀሙ ጻፉ፦ «የሥራ ውሌ ካልተቋረጠ ያልተጠቀምኩበት ፈቃድ ይከፈለኛል?» የወጣው የውል መቋረጡ አንቀጽ ነው። ያስገባሁት ርዕስ ራሱ ስቦ አመጣው፤ ሥራ ውል፣ መቋረጥ፣ ፈቃድ፣ ክፍያ፣ ሁሉም ይገጥማል። «ካልተቋረጠ» እና «ሲቋረጥ» ለእኛ ሰማይና ምድር ናቸው፤ ለቬክተሩ ግን ሁለቱም ስለ ውል መቋረጥ የሚያወሩ ጎረቤታሞች ናቸው። የሚለካው የጉዳይ ቅርበት እንጂ አንቀጹ ለጠያቂው መሥራት አለመሥራቱ አይደለም።

«ሁለቱም ስለ አንድ ነገር ነው የሚያወሩት» አሉ ኃላፊዋ፤ «አንዱ ይሰጣል፣ አንዱ ይከለክላል። ለምን ሁለቱንም አታሳያቸውም?»

አሁን ገጹ ሦስት አንቀጾችን ከነርዕሳቸው ጎን ለጎን ያወጣል፤ ነጥቡን ከዓይን አጥፍቼዋለሁ። ከሥሩ የኃላፊዋ የቢሮ ስልክ አለ። ጋሼ ገንዘቡን አላገኙም፤ ከ22ቱ ቀን አሥሩን በነሐሴ ወሰዱ።