ላይክ፣ ኮሜንት፣ ሼር እና ሴቭ፦ በሁለት የዓሣ ቪዲዮዎች ላይ ያነበብኩት

ባለፈው ያካፈልኳችሁ ስለ ቀረጻ ነበር። በዚህኛው ደግሞ ቪዲዮው ኢንስታግራም ላይ ከወጣ በኋላ የሚመጡትን አራት ቁጥሮች እንዴት እንደማነባቸው፣ ስለ ሐዋሳ ሐይቅና ስለ ዓሣ ከሠራኋቸው መካከል ሁለቱን ወስጄ አሳያለሁ።

የመጀመሪያው ቪዲዮ የአሞራ ገደልን የማለዳ ገበያ ያሳያል፤ ጀልባዎቹ፣ ወፎቹና ሐይቁ እንጂ ንግግር የለበትም። ሁለተኛው አንድ ቆሮሶ ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ትኩስ መሆኑ የሚታወቅበትን ያሳየሁበት ነው፤ ዓይኑ ጥርት ያለና ወጣ ያለ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ መሆን አለበት። የገበያው ቪዲዮ 20,000 ሰዎች ጋር ደርሶ 1,600 ላይክ፣ 80 ሼርና 40 ሴቭ አገኘ። የቆሮሶው ግን የደረሰው 6,000 ሰዎች ጋር ብቻ ሲሆን፣ 210 ላይክ፣ 180 ሼርና 300 ሴቭ ነበረው።

ቁጥሮቹን እንዳሉ ማወዳደር ብዙም አይጠቅምም፤ ቪዲዮው ለደረሳቸው ሰዎች ብዛት፣ ሪች ለሚባለው፣ ማካፈል ያስፈልጋል። እንደዚያ ሲሰላ የገበያው ቪዲዮ ላይክ 8 በመቶ፣ ሴቩ 0.2 በመቶ ይሆናል። የቆሮሶው ላይክ ወደ 3.5 በመቶ ዝቅ ሲል፣ ሴቩ 5 በመቶ፣ ሼሩ 3 በመቶ ይደርሳል። በላይክ ብቻ ብንፈርድ አሸናፊው የገበያው ቪዲዮ ነው፤ ተመልካቹ በእርግጥ የፈለገው ግን የቱን እንደሆነ ሌሎቹ ቁጥሮች ያሳያሉ።

ልዩነቱ የሚመጣው እያንዳንዱ ድርጊት ከተመልካቹ ከሚጠይቀው ነው። ላይክ በጣት ሁለቴ ነካ አድርጎ ማለፍ ስለሆነ፣ ቪዲዮውን ሳይጨርስ የሚሰጠው ሰው ብዙ ነው። ሴቭ የሚያደርግ ሰው ግን ማንም ሳያይለት፣ ነገ ገበያ ሲወጣ ያስፈልገኛል ብሎ ነው የሚያስቀምጠው፤ ለታይታ የሚደረግ ስላልሆነ፣ በራሱ በተመልካቹ ፍላጎት ረገድ ከአራቱ የማምነው ይህን ነው። ሼር የሚያደርገው ደግሞ በስሙ ለሌላ ሰው ይልካል፤ «ይኼን እዪልኝ» ብሎ ለእኅቱ የሚልክ ሰው፣ ነገሩ ካልረባ ትዝብቱ ለእርሱ ነው። ይሁን እንጂ ሼር ለመሳቂያም ሊሆን ስለሚችል፣ ሼሩ በርክቶ ሴቩም አዲስ ተከታዩም ካልጨመረ ጠርጥሩ።

እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ይገባል፤ ተመልካቹ ምን ያህል ፈለገው የሚለውና መድረኩ ወደ አዲስ ሰዎች የሚገፋው በምን መሠረት ነው የሚለው አንድ አይደሉም። የኢንስታግራም ኃላፊ አዳም ሞሴሪ በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ቪዲዮን ለሰዎች ለማድረስ ከሁሉ ይበልጥ ግምት ውስጥ ይገባሉ ብሎ የጠቀሳቸው የመታየት ጊዜን፣ ላይክንና ለሰው መላክን ሲሆን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ከሪች አንጻር የሚለኩ ናቸው። ላይክ ይበልጥ የሚረዳው ለነባር ተከታዮች፣ መላክ ደግሞ ገና ለማያውቁን ሰዎች ለመድረስ እንደሆነም አክሏል። ሴቭ ከሦስቱ ውስጥ አልተጠቀሰም። ስለዚህ ቀጥሎ ምን ልሥራ ስል ሴቩን፣ ቪዲዮው ከተከታዮቼ ውጭ ለምን ወጣ ወይም አልወጣም ስል ሼሩን አያለሁ።

ኮሜንት ካልተነበበ ቁጥሩ ብቻውን ያሳስታል። በገበያው ቪዲዮ ሥር የነበረው አብዛኛው የልብ ምልክትና «ሐዋሳዬ» የሚል ነው፤ ደስ ይላል፣ ነገር ግን የሚነግረኝ ጥቂት ነው። በቆሮሶው ሥር ግን ቆሮሶ ይሻላል አምባዛ በሚል ጥቂት ሰዎች ተከራክረው ቁጥሩን ከፍ አድርገውታል፤ የእኔ መልሶችም አብረው ይቆጠራሉ። ስለዚህ የምቆጥረው ኮሜንቱን ሳይሆን የጻፉትን የተለያዩ ሰዎች ነው፤ ከእነርሱም ጥያቄ የጠየቁትን ለብቻ እለያለሁ። «ከፍሪጅ የወጣውን በምን እንለየዋለን?» የሚለው ጥያቄ ከተለያዩ ሰዎች ተደጋግሞ ስለመጣ፣ የሚቀጥለው ቪዲዮ ርእስ እርሱ ሆኗል። (ላይክ ለላይክ የሚለዋወጡ የቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ ካላችሁ ግን ይህ ሁሉ ስሌት አይሠራላችሁም።)

በመቶኛው ራሱም ገደብ አለው። 200 ሰው ብቻ ባየው ቪዲዮ ላይ አራት ዘመዶቼ ሼር ቢያደርጉ 2 በመቶ ይሆናል፤ ይህ የዘመድ ቁጥር እንጂ የተመልካች ፍላጎት አይደለም። በዐቢይ ጾም ወራት የዓሣ ፈላጊው ስለሚበዛ፣ ያኔ የወጣን ቪዲዮ ከፋሲካ በኋላ ከወጣው ጋር አላወዳድርም። የማየውን ለማሳየትና እንዴት እንደሚደረግ ለማስተማር የተሠሩትንም ለየብቻ መዝግቤ፣ እያንዳንዱን ከራሱ ዓይነት አማካይ ጋር ብቻ አስተያያለሁ።