አባቴን የፈለግንባቸው ሦስት ቀናት እና የተሳሳተው የአፋልጉኝ ማስታወቂያ

አባቴ ረቡዕ ታኅሣሥ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ቃሊቲ ከሚገኘው ቤታችን ወጥተው ቅዳሜ ጠዋት ዱከም ላይ ተገኙ። በመካከሉ ሁለት የአፋልጉኝ ማስታወቂያዎች አውጥተናል። የመጀመሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ብዙ ሰው አጋራው፣ ብዙ ሰው አለቀሰበት፣ እኛን ግን ጎዳን እንጂ አልጠቀመንም። ሁለተኛውን ያዘጋጀችው ማተሚያ ቤት የምትሠራው የአክስቴ ልጅ ስትሆን፣ ከወጣ አንድ ቀን ሳይሞላው አባቴን አስገኘ። ልዩነቱን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ እኔ እጽፈዋለሁ።

አባቴ 74 ዓመታቸው ነው፤ የመርሳት ሕመም አለባቸው። ጡረታ የወጡት ከምድር ባቡር ነው። መጥፋታቸውን ያወቅነው ረፋድ ላይ ሲሆን፣ ሰፈሩን፣ ቤተ ክርስቲያኑን እና የዘመድ ቤቶችን አዳረስን፤ ሆስፒታሎችንም ጠየቅን። ፖሊስ ጣቢያ ስንሄድ ተረኛው “24 ሰዓት ይሙላው፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ይመጣሉ” ብሎ መዝገቡን እንኳን ሳይከፍት መለሰን። እኔም እሺ ብዬ ወጣሁ። ዛሬም የሚያናድደኝ የእሱ መልስ ሳይሆን የእኔ እሺታ ነው፤ የሚረሳ ሰው ጠፍቶ ሳለ 24 ሰዓት መጠበቅ ማለት አንድ ሌሊት ሙሉ ብርድ ላይ መተው ማለት ነው። ሐሙስ ጠዋት የሕክምና ወረቀታቸውን ይዘን ተመልሰን ካልተመዘገበ አንወጣም ስንል ተመዘገበ። የመዝገብ ቁጥሩ በኋላ ለማስታወቂያው እጅግ ጠቅሞናል።

የመጀመሪያውን ማስታወቂያ የጻፍኩት ረቡዕ ሌሊት ነው። “ወገኖቼ፣ የእናት ልጅ የሆናችሁ ሁሉ” ብሎ ይጀምርና አባቴ ምን ያህል ደግ ሰው እንደሆኑ፣ እናቴ እንዴት እህል አልቀምስ እንዳለች ይዘረዝራል። ከዚያ በታች “በ3/4/2016 2 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት እንደወጡ አልተመለሱም፤ ያሉበትን ለጠቆመኝ ወሮታውን እከፍላለሁ” ይልና የእኔን፣ የእህቴን እና የእናቴን ስልክ ቁጥሮች ይደረድራል። ፎቶውን የመረጥኩት ስለሚያምር ነው። በእህቴ ሠርግ ላይ ከ9 ዓመት በፊት የተነሡት ሲሆን፣ በሙሉ ልብስ፣ በከረባት እና ተላጭተው ቆመዋል። ከቤት የወጡት ግን ነጭ ጢም አሳድገው፣ ከስተው፣ ቡናማ ሹራብ ላይ ጋቢ ደርበው ነው። ያንን ፎቶ አይቶ መንገድ ላይ አባቴን ሊለይ የሚችል ሰው ቢኖር እናቴ ብቻ ነበረች።

ከዚህ የባሰው ስሕተት ጽሑፉን ሁሉ ከፎቶው ውጭ ማስፈሬ ነው። ሰው ማስታወቂያ የሚያጋራው እንዳለ አይደለም፤ ፎቶውን ብቻ ያስቀምጥና ወደ ሌላ የቴሌግራም ግሩፕ ይልካል፣ ወይም ስክሪንሹት ያነሣል። ሐሙስ ማታ የአባቴ የሠርግ ፎቶ “ጠፍተዋል፣ ሼር አድርጉ” ከሚል አንድ መስመር ጋር ብቻ ሲዘዋወር አገኘሁት። ስም፣ ስልክ፣ ቀን የሚባል ነገር አልነበረውም። የተገኙ እንደሆነ ለማን ይደወላል? ጽሑፉ አብሮ የሄደላቸው ሰዎችም ቢሆኑ ቀኑን አልተረዱትም። አሜሪካ ያለ የአጎቴ ልጅ ለጓደኞቹ ሲልከው “2016 ከሆነማ ይህ የድሮ ነው” የሚል መልስ ደርሶታል፤ እውነትም በፈረንጅ አቆጣጠር ያነበበው ሰው የቆየ ወሬ ነው ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም። “2 ሰዓት ተኩል” ያልኩትንም ከቀትር በኋላ አድርጎ የወሰደው ነበር።

ስለ ስልኮቹ ስጽፍ አሁንም ደሜ ይፈላል። ሐሙስ ከቀትር በኋላ አንድ ሰው እናቴ ስልክ ላይ ደውሎ አባታችንን መኪና ገጭቷቸው ሆስፒታል እንዳስገባቸው፣ ለሕክምና ማስያዣ 15,000 ብር እንደተጠየቀ፣ እሱ ሾፌር በመሆኑ በእጁ ምንም እንደሌለ ተናገረ። እናቴ “ምን ለብሰዋል?” ብላ ብትጠይቀው “ሙሉ ልብስ፣ ከረባት” አላት። ከፎቶው ያየውን ነበር የነገራት፤ እሷ ግን በዚያ ሰዓት ማመን እንጂ መመርመር አልቻለችም። ስልኩን ለእህቴ ሰጠቻት፤ እህቴ በቴሌብር 8,000 ብር ላከች፤ ስልኩም ተዘጋ። የሆስፒታሉን ስም የጠየቀው ማንም አልነበረም። እስከ ዓርብ ጠዋት ድረስ እንዲህ ያሉ ሌሎች ሁለት ጥሪዎች መጡ። ወሮታ የሚለው ቃል እና የደነገጠች ሚስት ስልክ አንድ ላይ መጻፋቸው ለአጭበርባሪ ግብዣ ነበር። ጽሑፉ ደግሞ የእኔ ነው።

ዓርብ ረፋድ የአክስቴ ልጅ መጥታ ማስታወቂያውን አነበበችና “ይሄ ልቅሶ ነው፤ እኔ መንገድ ላይ ብቆም ማንን ነው የምፈልገው?” አለችኝ። ተቀየምኳት። ከዚያ በኋላ ግን አጠገቧ ተቀምጬ የጠየቀችኝን ብቻ መለስኩ። ለማረም የቸገረን ነገር የመጨረሻው ቦታ ነበር። እኔ የጻፍኩት “ከቤት እንደወጡ” ብዬ ሲሆን፣ ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ ጫማ የሚጠርግ አንድ ልጅ ግን ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከዘራቸውን ይዘው ታክሲዎቹ መካከል ሲዘዋወሩ አይቷቸው ነበር። ሐሙስ ነግሮን ነበር፤ ማስታወቂያው ላይ ለመጨመር ግን ማናችንም አላሰብንም። ሰው የሚያስታውሰው እሱ ራሱ የነበረበትን ቦታና ሰዓት ስለሆነ፣ መጻፍ ያለበት የጠፋው ሰው ቤት ሳይሆን ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ስፍራ ነው።

ሁለተኛው ማስታወቂያ እንዲህ ይላል፤ ስሙን፣ ስልኩን እና የመዝገብ ቁጥሩን ብቻ አውጥቻለሁ።

“የጠፉ አባት። ስም ከነአባት። ዕድሜ 74። ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ቀጭን፣ ነጭ ጢም ያላቸው፤ የግራ እጃቸው ጠቋሚ ጣት ጫፍ የለውም። ቡናማ ሹራብ፣ ነጭ ጋቢ፣ ጥቁር ጎማ ጫማ፣ ከዘራ። የመርሳት ሕመም ስላለባቸው ስማቸውን ላይናገሩ ይችላሉ። ለመጨረሻ ጊዜ የታዩት ቃሊቲ መናኸሪያ፣ ረቡዕ ታኅሣሥ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 13 ቀን 2023) ከጠዋቱ 3 ሰዓት። ካገኟቸው አብረዋቸው ይቆዩና ይደውሉ። ስልክ። በፖሊስ ተመዝግቧል፣ የመዝገብ ቁጥር። ይህ ማስታወቂያ የወጣው ዓርብ ታኅሣሥ 5 ቀን ነው።”

ይህ ሁሉ የሰፈረው ምስሉ ላይ ነው። ከላይኛው ግማሽ ባለፈው ወር በእህቴ ስልክ የተነሣው የፊታቸው ፎቶ፣ ከታች ነጭ መደብ ላይ በጥቁር ጽሑፍ ዝርዝሩ አለ። የአክስቴ ልጅ ፈተና ቀላል ነበር፤ ምስሉን ለእናቴ ስልክ ላከችና እናቴ መነጽሯን ሳታደርግ፣ ስልኩን በእጇ ልክ አርቃ፣ ሳታጎላው ካላነበበችው ፊደሉ አንሷል ማለት ነው አለች። አንድ ጊዜ አንሶ ስለነበር የደግነታቸውን ታሪክ ቀርቶ “ሰላማዊ ሰው ናቸው” የምትለዋን እንኳን አወጣናት። ያንኑ ጽሑፍ ቃል በቃል ከምስሉ ሥር ደግመን ጻፍነው፤ ኮፒ አድርጎ ለመላክም፣ በስማቸው ለሚፈልግም እንዲመች።

“አብረዋቸው ይቆዩ” የሚለውን መስመር ማንም እንዳያስቀረው እመክራለሁ። ከዚያ በፊት አንድ ሰው አይቷቸው ደውሎልን፣ እኛ እስክንደርስ እሱም አባቴም ሄደው ነበር።

ስልኩ አንድ ብቻ ሆነ፤ የያዘውም ከቤተሰቡ ሁሉ ረጋ ያለው የእህቴ ባል ነው። በደብተር ላይ የደወለውን ሰው ቁጥር፣ ያየበትን ቦታ፣ ሰዓቱንና የለበሱትን እየጠየቀ ጻፈ። ወሮታ የሚለው ቃል ወጣ። ፖሊስ ጣቢያ ግን “መለያ ምልክት የምታውቁትን ሁሉ ጻፉ” ብለውን ነበር፤ በዚህ አልስማማም፣ አልሠራንበትምም። አባቴ ከባቡር ሥራቸው የቀረች አንዲት የነሐስ ፊሽካ ከሹራባቸው ሥር፣ ከሸሚዛቸው ኪስ አትጠፋም። እሷን አልጻፍናትም። ገንዘብ የሚጠይቅ ሁሉ “በሸሚዝ ኪሳቸው ያለውን ይዩልንና ይንገሩን” ይባል ነበር፤ አንዱ “መታወቂያ” አለ፣ ሌላው ሰድቦን ዘጋው። የተቆረጠውን ጣት ግን መጻፍ ግድ ነበር፤ ከሩቅ የሚታይ ምልክት የሚጻፈው አላፊ አግዳሚው እንዲለያቸው ነው፣ ቀርቦ ካልሆነ የማይታየው ደግሞ ለማጣሪያ ይቀራል።

ዓርብ ማታ የጨመርነው ነገር ደግሞ ለእኔ ከሁሉም በላይ ነው። ጫማ ጠራጊውን ልጅ እንደገና ስንጠይቀው አባቴ የቆሙት “ደብረ ዘይት፣ ደብረ ዘይት” እያለ ከሚጣራ ረዳት አጠገብ እንደነበር ነገረን። የድሮው ሐዲድ በአቃቂ እና በዱከም አድርጎ ደብረ ዘይት ይዘልቃል፤ አባቴ ደግሞ ዕድሜያቸውን የፈጁት በዚያ መስመር ላይ ነው። እኛ ማስታወቂያውን ያጋራነው አዲስ አበባ ውስጥ ላሉ ግሩፖች፣ በአማርኛ ብቻ ነበር። ያን ማታ አንድ ጎረቤታችን ዋናውን ፍሬ ነገር በሁለት መስመር በአፋን ኦሮሞ ጻፈልን፤ ምስሉ ላይ ጨመርነውና ወደ ዱከም እና ወደ ደብረ ዘይት የባጃጅ ሹፌሮች ግሩፖች በሰው በሰው አስገባነው። ሁለት ቀን ሙሉ ይህ ሳይታሰበን መቅረቱ ያሳፍረኛል።

ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አንድ የባጃጅ ሹፌር ደወለ። አንድ ሽማግሌ ዱከም ውስጥ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጣታቸውን አይቻለሁ አለ። የእህቴ ባል ስለ ሸሚዝ ኪሱ ጠየቀው። ሹፌሩ ትንሽ ዝም አለና “ፊሽካ ናት፤ ልንፋው?” አለ። ስንደርስ ሻይ ገዝቶላቸው አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር። ገንዘብ አልቀበልም አለ፤ በግድ የነዳጅ ሰጠነው።

የዚያኑ ዕለት በሁለተኛው ምስል ላይ “ተገኝተዋል፣ ቅዳሜ ታኅሣሥ 6” የሚል ቀይ ጽሑፍ በሰያፍ አስፍረን በላክንባቸው ግሩፖች ሁሉ መልሰን ላክነው፤ ሁለተኛው በዚህ ቆመ። ማስታወቂያውን ዝም ብሎ ማጥፋት አይበቃም፤ ሌሎች የቀዱት እዚያው ይቀራል። ቀን ያልነበረው የመጀመሪያው ምስል ግን እስከ ዛሬ አልቆመም። ግንቦት ውስጥ ባሕር ዳር ያለች አንዲት ሴት ቁጥሬን ከየት እንዳገኘችው ሳላውቅ ደውላ፣ በከረባት ያሉትን አባት ጠዋት ገበያ ላይ እንዳየቻቸው እየማለች ነገረችኝ። አመሰግናት ዘንድ ስሟን ስጠይቃት አባቴ አጠገቤ ቡና እየጠጡ ነበር። ስልኩን ስዘጋ “ማን ጠፍቶ ነው?” አሉኝ።