ሩዙ ሌሊቱን የት አደረ?

የልጅ ልጄ ማቀዝቀዣ ስትከፍት ዓይኗ መጀመሪያ የሚያርፈው እሽጉ ላይ ያለው ቀን ላይ ነው። ካለፈ፣ ቀጥታ ወደ ቆሻሻ! ምክር ከአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ስለሚወጣ ምግቡን ራሱ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩላት።

በእርጎ ጀመርን። «ከዚህ ቀን በፊት ቢጠቀሙት ይመረጣል» የሚለው ቀን ካለፈ ሁለት ቀኑ ነው። እንዲህ ያለው ቀን የሚናገረው ስለ ጣዕምና ጥራት ነው። «እስከዚህ ቀን ድረስ ብቻ ይጠቀሙ» ቢል ኖሮ የደህንነት ጉዳይ ስለሆነ ሳልከራከር እጥለው ነበር። ክዳኑ አልተነፋም። ስትከፍተው ግን ላዩ ላይ ውሃ አቁሯል።

«እማማ፣ ተበላሽቷል!»

«አጓቱ ነው፣ በማንኪያ አማስይው» አልኳት። ሻጋታ ፈለገች፣ የለም። አሸተተች፣ ያው የእርጎ ሽታ ነው። በላነው።

ዳቦውን ግን እንዳታሸት ከለከልኳት። ጠርዙ ሻግቷል፤ የሻገተ ነገር አፍንጫ ላይ አይጠጋም፣ ብናኙ ወደ ሳንባ ይገባል። «ጫፉን ቆርጠን እንብላው?» አለች፤ ቁጠባው ገብቷታል። ዳቦ ለስላሳ ስለሆነ የሻጋታው ክሮች ዓይን ከሚያየው አልፈው ይሰራጫሉ። ደረቅ አይብ ቢሆን ከሻጋታው ዙሪያና ሥር 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጠን የቀረውን እንበላ ነበር። ዳቦው ተጣለ።

የተሟገትነው በሩዙ ነው። ማታ ተቀቅሎ እስከ ጠዋት ምድጃው ላይ አድሯል። አየችው፣ ነጭ ነው። አሸተተችው፣ ምንም አይልም። «ይበላል» ብላ ፈረደች።

«ሌሊቱን የት አደረ?» አልኳት።

ሩዝ ላይ ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ ይገኛል። ስፖሩ፣ ማለትም ክፉ ጊዜ የሚያሳልፍበት ጠንካራ ቅርጹ፣ መቀቀልን ችሎ ይተርፋል። ሩዙ ውጭ ሲያድር ባክቴሪያው ይራባል፣ የሚያስመልስ መርዝም ይሠራል። መርዙ አይሸትም፣ ሩዙ እንደገና ቢሞቅም አይጠፋም።

«ታዲያ አፍንጫዬ ምን ይሠራልኛል?» ብላ ተቆጣች። እውነቷን ነው። አፍንጫ የኮመጠጠውንና የገማውን ይለያል እንጂ የሚያሳምመውን ሁሉ አይለይም። እኛ ቤት የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ ከቆየ፣ ሽታው ምንም ያህል ቢያምር ይጣላል።

ልጅ ልታስተምሩ ያሰባችሁ በሩዙ ጀምሩ። እርጎው ከቀደመ ልጁ አፍንጫውን ከልክ በላይ ያምናል፣ ከዚያ መመለስ ደግሞ ጣጣ ነው።

አሁን ሩዝ ሲተርፍ ቶሎ እንዲበርድ ሰፊ ሳህን ላይ ዘርግተን በአንድ ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ እናስገባዋለን። ክዳኑ ላይ ፕላስተር ለጥፋ የተሠራበትን ቀን የምትጽፈው እሷ ናት። ሩዝ በማግስቱ ማለቅ አለበት፤ ሌላው ትራፊ እስከ ሦስት ቀን ይቆየናል።