ማስታወቂያው ላይ ያልታተመው ቀን

የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ ሲመጣ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ሁለት ነገር ላይ ነው፦ ከታች በድምር የተቀመጠው ገንዘብና በሣጥን ውስጥ በደማቁ የታተመው ቀን። ያ ቀን የመክፈያ ቀን ነው። የቅሬታው ቀነ ገደብ ግን ብዙ ጊዜ ከገጹ ግርጌ በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ይነገራል፤ «ማስታወቂያው ከደረሰዎት በኋላ በ21 ቀናት ውስጥ» ይባላል እንጂ ቀኑ ተቆጥሮ አይጻፍም። ደብዳቤው ሲታተም መቼ እንደሚደርስ ስለማይታወቅ ሊጻፍም አይችልም። ቀኑን ቆጥሮ ማውጣት የሚያነበው ሰው ሥራ ነው።

አንድ የቤት ዕቃ አምራች ድርጅት ላይ የሆነው ከዚሁ የመጣ ነው። የ2013 የንግድ ሥራ ገቢ ግብሩ ኦዲት ተደርጎ የተሻሻለ የግብር ስሌት ተላከለት። ረዳት ሒሳብ ሠራተኛው ማስታወቂያውን አንብቦ ለዋና ሒሳብ ሹሟ ፍሬ ነገሩን እንዲያወጣ ታዘዘ። በአንድ መስመር ጽፎ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረው፦ «የ2013 ግብር፣ ጠቅላላ 315,000 ብር፣ የመጨረሻ ቀን መስከረም 24/2017»። ሥራ አስኪያጁም ይህንኑ አይቶ «ገና ጊዜ አለን» አለና በዓሉ አለፈ።

ሹሟ ወረቀቱን አንስታ ያየችው መስከረም 9 ቀን ነው።

«መስከረም 24 የምን ቀን ነው?»

«የመጨረሻው ቀን ነው፣ እትዬ።»

«የምኑ መጨረሻ?»

ልጁ ማስታወቂያውን መልሶ አየ። «ክፍያው... እዚህ መክፈያ ቀን ይላል።»

«ቅሬታውስ?»

ዝም አለ። እሷም አልተቆጣችም። «ደብዳቤውን ማን ተቀበለ? የተፈረመበትን አምጣልኝ» ብቻ አለችው።

ጥያቄዋ ልክ ነበር፤ ድርጅቱ እጅ ላይ ሦስት ቀኖች ነበሩና። ደብዳቤው ላይ የታተመው ቀን ነሐሴ 20/2016 ነው። የገቢ ደብዳቤ መዝገቡ ነሐሴ 29 ይላል። ሠራተኛ ፈርሞ የተቀበለበት የማድረሻ ቅጂ ላይ ያለው ደግሞ ነሐሴ 27 ነው፤ የተቀበለው የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛው ሲሆን ወደ ቢሮ ያመጣው ሁለት ቀን አሳድሮ ነው። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 አንቀጽ 54 መሠረት 21 ቀኑ የሚቆጠረው ማስታወቂያው ከደረሰ በኋላ ነው። የሚያዘው እንግዲህ ነሐሴ 27 ነው። የድርጅቱ መዝገብ የድርጅቱን የውስጥ ጉዞ ያሳያል እንጂ መድረሱን አያዘገየውም። የግብር መሥሪያ ቤቱ ማኅደር ውስጥ የሚገኘውም ያ የተፈረመበት ቅጂ ነው።

ከዚያ ቆጠራው ነው። እዚህ ላይ ልጁ በችኮላ ሁሉንም ወር ሠላሳ ቀን አድርጎ «መስከረም 18» አለ። ጳጉሜን ዘሎ ነው። በጣት ሲቆጠር፦ ነሐሴ 28፣ 29 እና 30 ሦስት ቀን፤ የ2016 ጳጉሜ አምስት ቀን፣ ስምንት ሆነ፤ የቀረው አሥራ ሦስት ከመስከረም ይወሰዳል። 21ኛው ቀን ሰኞ መስከረም 13/2017 ነው። ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ የደረሰ ማስታወቂያ ሁሉ በጳጉሜ በኩል ስለሚያልፍ በዚያ ወቅት በወርና በቀን መደመር አያዋጣም፤ ጳጉሜ ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ ስሕተቱ በአንድ ቀን ይጨምራል። የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም የሕዝብ በዓል ላይ ቢውል ወደ ቀጣዩ የሥራ ቀን ይተላለፋል፤ በመካከል ያሉት በዓላት ግን ከቆጠራው አይወጡም። ሐሙስ መስከረም 9 ላይ ለቆመ ሰው በእጁ ያለው የዕለቱ ቀሪ ሰዓት፣ ዓርብና ሰኞ ብቻ ነበር።

ከቀኑ ቀጥሎ ገንዘቡ መጣ። 315,000 ብር ድምሩ ልክ ነው፤ ነገር ግን በድምር ብቻ ቅሬታ አይጻፍም። ማስታወቂያው ፍሬ ግብሩን 180,000፣ ቅጣቱን 18,000፣ ወለዱን 117,000 ብር ብሎ ለይቷል። ፍሬ ግብሩ ከምን እንደመጣ የሚገኘው ደግሞ በተያያዘው የኦዲት ግኝት ላይ ነው። በዚያ መሠረት 400,000 ብር ወጪ ደረሰኙ በቂ አይደለም ተብሎ ውድቅ ሆኗል፤ 200,000 ብር ሽያጭ ደግሞ ሳይመዘገብ ቀርቷል። በ30 በመቶ ሲሰላ የመጀመሪያው 120,000፣ ሁለተኛው 60,000 ብር ግብር ያመጣል። ሽያጩ በእርግጥ አልተመዘገበም፤ ሹሟ አልተከራከረችበትም። ወጪው ላይ ግን ደረሰኞቹ በእጇ ነበሩ።

ይህ ክፍፍል ለሒሳብ አያያዝ ማማር ሲባል የሚሠራ አይደለም። በአዋጁ ቅሬታው እንዲጸና ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ ምክንያቱና የሚጠየቀው ማስተካከያ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ግብር ከፋዩ የማይከራከርበትን ግብርም ከፍሎ መገኘት አለበት። «315,000 ብሩን እንቃወማለን» ብሎ የሚገባ ማመልከቻ ሁለቱንም አያሟላም። የማይከራከሩበት 60,000 ብር የፍሬ ግብሩ ሲሶ ነው፤ ቅጣቱና ወለዱም በዚያው ልክ ሲከፈሉ 6,000 እና 39,000 ይሆናሉ። 105,000 ብር ዓርብ ዕለት ገቢ ተደረገ። በቀረው 210,000 ላይ ቅሬታው ተጻፈ፤ ሰኞ ከክፍያ ደረሰኙና ከወጪ ደረሰኞቹ ቅጂ ጋር ገብቶ፣ የድርጅቱ ቀሪ ላይ «ተቀብያለሁ» የሚል ማኅተም ከነቀኑ ተመታበት። ያለዚያ ማኅተም በወቅቱ መግባቱን ማስረዳት ጭቅጭቅ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ዓርብ ዕለት «የጊዜ ማራዘሚያ አይጠየቅም ወይ?» ብሎ ነበር። ይጠየቃል፤ ነገር ግን ጥያቄው ራሱ በጽሑፍ፣ ያው 21 ቀን ሳያልቅ መግባት አለበት፤ እንደ ሕመም ወይም ከአገር ውጭ መሆን ያለ በቂ ምክንያትም ይፈልጋል። የሚፈቀደውም ቢበዛ 10 ቀን ነው። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ መቆየቱ ምክንያት አይሆንም። መስከረም 24ን የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ማራዘሚያ መጠየቂያውም ያልፈዋል።

ስለ ዘመኑም አንድ ነገር አለ። ልጁ «የ2013 ግብር» ሲል አልተሳሳተም፤ የዚህ ድርጅት የግብር ዘመን ግን ከሐምሌ 1/2012 እስከ ሰኔ 30/2013 ነው። ደረሰኝ ፍለጋ የ2013ን ፋይል ብቻ የከፈተ ሰው የ2012ን ሐምሌና ነሐሴ አያገኝም። ውድቅ ከተደረጉት ወጪዎች አንዱ፣ የጣውላ ግዢ፣ ደረሰኙ የተገኘው እዚያው የነሐሴ 2012 ፋይል ውስጥ ነበር።

ልጁን ብዙ ሰው ወቀሰው፤ እኔ አልወቅሰውም። «ፍሬ ነገሩን አውጣ» ሲባል ፍሬ ነገሩ ምን እንደሆነ የነገረው አልነበረም። አሁን ቢሮው ለእያንዳንዱ ማስታወቂያ አንድ ገጽ ይሞላል፦ የግብሩ ዓይነት፣ የዘመኑ መነሻና መድረሻ ቀን፣ በየግኝቱ የተለየ ፍሬ ግብር፣ ቅጣትና ወለድ፣ የማድረሻ ቅጂው ቀን፣ 21ኛው ቀን፣ ከእሱ ለይቶ የመክፈያው ቀን። በአንድ ፖስታ የገቢ ግብርና የቫት ማስታወቂያ አብረው ከመጡ ገጹ ሁለት ነው፤ ውሳኔዎቹ ሁለት ስለሆኑ ቅሬታውም ለየብቻ ይገባል። ገጹን የሚሞላው ያው ልጅ ነው፤ ግምጃ ቤት ሠራተኛውም ማኅተም ያለበት ፖስታ ሲቀበል በዕለቱ ወደ ቢሮ ይዞ ይወጣል።