ላብ ያላት ፊት ፍኖተ ሰላም ስትደርስ

በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ መካከል ዕቃ በሚያደርስ ድርጅት ውስጥ ለደንበኞች በቴሌግራም መልስ የሚሰጡትን ልጆች እከታተላለሁ። ጥር ላይ ሥራው ይበዛል፤ ሰርግ በሰርግ ነው።

ለአንዲት የፍኖተ ሰላም እናት፣ ለልጃቸው መልስ የሚለብሱት ቀሚስ ከባሕር ዳር ተላከ። ረዳቱ ሳያወርደው መኪናው ደብረ ማርቆስ ገባ። ባልደረባችን እንዲህ ጻፈችላቸው፦ «ይቅርታ እናታችን፣ ዕቃዎ ሳይወርድ አልፏል 😅 በቅርቡ እናደርሳለን»። ከሥሩ 🙏 ለብቻው ላከች። ቴሌግራም ላይ ብቻውን የተላከ ኢሞጂ ተልቆ፣ እየተንቀሳቀሰ ነው የሚወጣው። ይቅርታ የሚለው ቃል ከሱ አጠገብ ጠፋ።

እናትየዋ በድምፅ መለሱ፦ «ልጄ፣ ቀሚሱስ ይቅር፤ መሳቁ ምንድን ነው?»

ልጅቷ አልሳቀችም። ለእሷና ለእኩዮቿ ያቺ ፊት «አፈርኩ» ማለት ናት። ግን ላቧ አንዲት ጠብታ ነው፤ ጥርሷ ደግሞ ከሩቅ ይታያል። 🙏ም ቢሆን ቦታው አልነበረም። መቼ እንደምናደርስ ሳንናገር እጅ ስናጣምር፣ ባለዕዳዎቹ እኛ ሆነን ሳለ እሳቸውን እየለመንን ነው።

መልሱን አብረን እንደገና ጻፍነው፦ «ይቅርታ እናታችን። ቀሚስዎ ፍኖተ ሰላም መውረድ ሲገባው ደብረ ማርቆስ ደርሷል፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ነገ በመጀመሪያው መኪና ተጭኖ ከእኩለ ቀን በፊት ቤትዎ ድረስ ይመጣል። የመላኪያው ገንዘብ ይመለስልዎታል።» ቀሚሱ ሲደርስ እሳቸው ራሳቸው 🙏 ላኩ። ልጅቷም ያን ጊዜ 🌼 መለሰች። ነገሩ ካለቀ በኋላ፣ ደንበኛው ከጀመረው፣ ምን ችግር አለው?

አለቃችን ግን ደንግጦ ኢሞጂ የሚባል ነገር ከለከለ። ወዲያው ሌላ ጣጣ መጣ። «ደርሷል።» «ነገ ይምጡ።» ብለን ስንጽፍ ሰዎች «ተቆጣችሁ እንዴ?» ይሉን ጀመር። «መኪናው 10 ደቂቃ ይዘገያል 🙏» የሚለው ግን ማንንም አስከፍቶ አያውቅም። ጥፋቱ ትንሽ ነው፣ ሰዓቱም ተነግሯል።

አሁን ከመላካችን በፊት ኢሞጂውን አጥፍተን እናነባለን። ምን እንደሆነ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚስተካከል ከቀረው ጽሑፍ ከተገኘ ይቅርታው በራሱ እግር ቆሟል፤ ኢሞጂውን መመለስ ይቻላል። «ሳይወርድ አልፏል፣ በቅርቡ እናደርሳለን» ብቻ ከቀረ ግን ያቺ ፊት የእኛን ሥራ እየሠራች ነበር። ገንዘብ፣ ሰርግ ወይም ለቅሶ ያለበት ጉዳይ ላይ፣ ጽሑፉ በራሱ እግር ቢቆምም አንመልሳትም።

አንድ ነገር ዘግይቶ ነው የታየን። ከገጠር ቀበሌ የሚጽፉልን ብዙ እናትና አባቶች መልእክታችንን በልጅ ነው የሚያስነብቡት። ልጁ ጮክ ብሎ ሲያነብ 🙏ን ይዘላታል። «ስላስቸገርንዎ ይቅርታ ያድርጉልን» ተብሎ ካልተጻፈ፣ ለእነሱ ማንም ይቅርታ አልጠየቀም።